የድሮን ጥላ በነፃ አይጠፋም

«የድሮን ጥላ ምን አላት? ኤዲተሩ በአንድ ክሊክ ያጠፋታል። ለእሷ ተብሎ ተጨማሪ ብር አይጠየቅም።»

ይህን ያለው ደሴ ላይ ስም ያለው የቪዲዮ ባለሙያ ነው። ሰሞኑን ስለ ሠርግ ቪዲዮ ዋጋ ስንነጋገር ተናገረው፤ አብዛኛውም ተስማማ። እንግዲህ ጥላ ማጥፋት «ከኤዲቲንጉ ጋር» ሆኗል ማለት ነው። የተስማሙት ግን ድሮን የሚያበሩት ናቸው እንጂ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተው የሚያድሩት አይደሉም።

እስቲ ያቺን አንድ ክሊክ እንያት። ፕሮግራሙ ጥላውን ቆርጦ ያወጣና ጉድጓዱን ከአካባቢው በለቃቀመው ነገር ይሞላል። ፎቶ ላይ ያምራል። ቪዲዮ ላይ ግን ሙሌቱ ከፍሬም ፍሬም ስለሚለያይ አስፋልቱ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። «ማን ያየዋል?» የሚሉኝ ሰዎች በስልካቸው ነው የሚያዩት። ባለሠርጉ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ነው የሚከፍተው።

አንድ የደረሰኝን ሥራ ልንገራችሁ። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ የሙሽሮች አጀብ ነው። ድሮኑ 8 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ካሜራውን ቁልቁል ደፍቶ ይከተላል። ወሩ ሚያዝያ፣ ሰዓቱ እኩለ ቀን። በዚህ አካባቢ ሚያዝያ 12 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ላይ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። ነሐሴ 17 ገደማም እንደዚያው ትመለሳለች። ስለዚህ ጥላው ከነክንፉ ፍሬሙ መሃል ላይ ተተክሏል።

አስፋልቱ ላይ ያለውን ጥላ አልጨቃጨቅም፤ በአንድ ክሊክ ባይሆንም ይጠፋል። ጥላ ሁልጊዜ ከፀሐይ ፊት ለፊት በተቃራኒው ስለሚወድቅ፣ ካሜራው አቅጣጫውን ካልቀየረ ጥላው ስክሪኑ ላይ አይነቃነቅም። የሚያልፈው መሬቱ ነው። ድሮኑ በሰከንድ 5 ሜትር ከሄደና በሰከንድ 25 ፍሬም ከተቀረጸ፣ መሬቱ በአንድ ፍሬም 20 ሳንቲሜትር ይሸሻል። ከ10 ፍሬም በፊት ወይም በኋላ ያው ቦታ ጥላ የለበትም፤ 2 ሜትር ርቋል። የመሬቱን እንቅስቃሴ ትራክ አድርጌ፣ ያንን ንጹህ አስፋልት አምጥቼ፣ ጥላውን ብቻ በሚከልል፣ ጠርዙ በለሰለሰ ማስክ አለብሰዋለሁ።

አለቀ? የለም። ከጥላው ዙሪያ ደብዘዝ ያለ ብሩህ ክብ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ፀሐዩ በቀጥታ ከካሜራው ጀርባ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጠጠርና ሣር የራሱን ጥላ ከኋላው ይደብቃል፤ ስለዚህ መሬቱ ደመቅ ይላል። ከሌላ ቦታ ያመጣሁት አስፋልት ይህ ድምቀት የለውም። ብሩህ ክብ መሃል ላይ የቆሸሸ መጣፊያ ይመስላል። ጥላውን ብቻ አጥፍቶ ክቡን የተወ ሥራ ስታዩ ታውቁታላችሁ፤ ምንም የሌለበት ብርሃን መንገዱን እየተከተለ ይንሸራተታል። መጣፊያውን ማድመቅ፣ ከዚያ ክቡን ራሱን በሌላ ማስክ ማደብዘዝ ያስፈልጋል። ደረቅ ሣር ላይ ደግሞ ይብሳል።

ከዚያ ጥላው የሙሽሮቹ መኪና ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። መኪናው ከድሮኑ እኩል ስለሚሄድ ጥላው ከጣሪያው አይወርድም። ከ10 ፍሬም በፊትም በኋላም እዚያው ነው። የሚቀዳ ንጹህ ቦታ የለም! የቀረው መንገድ ከጥላው ሥር ያለውን መልሶ ማውጣት ነው። ጥላ ጉድጓድ አይደለም፤ ነጩ ቀለምና አበባው አሉ፣ ግን የሰማይ ብርሃን ብቻ ስለሚያገኛቸው ጨልመውና ወደ ሰማያዊ አድልተው ነው። አድምቀህ ሰማያዊውን ትቀንሳለህ። ይህ የሚሠራው ዋናው ቅጂ ካለ ነው። እኔ ጋ የመጣው ግን ከለሩ ተሠርቶ፣ ጥቁሩ ተጭኖ፣ ተጨምቆ ያለቀ ፋይል ነው። ሲደምቅ የአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ክምር ሆነ። ዋናውስ? ቀራጩ ሚሞሪውን ፎርማት አድርጎታል። በዚያ ላይ ጣሪያው ስለሚያብረቀርቅ ከጥላው ሌላ የድሮኑ ነጸብራቅም ቁጭ ብሏል።

የካሜራማን ጥላም ያው ነው። አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ይቆምና ጭንቅላቱን ሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ይጥላል። የሚታጠፍና የሚዘረጋ ጨርቅ ላይ ማስኩን በየፍሬሙ በእጅ ማስተካከል ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ይህ ሁሉ የመጣው ቀራጩ ካሜራውን ቀና ማድረግ ስለሰነፈ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላው ከድሮኑ ሥር ነው፤ ካሜራው ወደ ፊት 45 ዲግሪ ቢያይ ከፍሬሙ ውጭ ይቀር ነበር። ከፍ ቢልም ይሻል ነበር። ፀሐይ ነጥብ ስላልሆነች፣ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው አካል ሙሉ ጥቁር ጥላ የሚጥለው እስከ 11 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ እየደበዘዘ ይሄዳል። 30 ሜትር ላይ ቢሆን ማንም ባላስተዋለው።

ያቺን የ6 ሰከንድ ጣሪያ ሁለት ሌሊት ደከምኩባት። በመጨረሻ አልዳነችም፤ ቆርጬ ጣልኳትና የአጃቢዎቹን ጭፈራ አስገባሁ። ባለሠርጉ ደውሎ «መኪናችን የታለች?» አለኝ። የቀራጩን ስልክ ሰጠሁት።