«ነገር ግን» ብቻውን ሶኔት አያጥፍም

«ዘጠነኛው ስንኝ ‹ነገር ግን› ብሎ ከጀመረ ሶኔቱ ታጥፏል፤ ዳኛ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ አይገባም።» ይህን የተናገሩት በቅርቡ በተካሄደው የግጥም ውድድር አሸናፊው ለምን እንደተመረጠ ያስረዱት ዳኛ ናቸው።

ይህ መለኪያ ለስንኝ ቆጣሪ እንጂ ለአንባቢ አይሆንም። ሶኔት አሥራ አራት ስንኝ ያለው ግጥም ነው፤ መታጠፊያ ማለት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ስንኞች ሲያቀርቡት የቆዩት ሙግት ከዚያ በኋላ በነበረበት መቆም የማይችልበት ቦታ ነው። ሙግቱ ሳይነቃነቅ አያያዥ ቃል ብቻ ከገባ፣ ገጣሚው የሠራው ነገር የለም፤ በሩን ሳይከፍት እጀታውን ነክቶ ተመልሷል።

ዳኛው በማስረጃነት የጠቀሱት የሼክስፒርን 18ኛ ሶኔት ነው። እውነት ነው፣ ዘጠነኛው ስንኝ በ«ግን» ይጀምራል። ሆኖም ከዚያ በፊት ያሉት ስንኞች የበጋን ዕድሜ አጭርነት አንሥተው፣ ውብ የሆነ ሁሉ አንድ ቀን ከውበቱ እንደሚወርድ ሕግ አስቀምጠዋል። «ያንተ በጋ ግን አይጠወልግም» የሚለው ቃል ይህን ሕግ ስለሚጥስ ገጣሚውን ባለዕዳ ያደርገዋል፤ ዕዳውንም እስከ መጨረሻው ባሉት ስንኞች፣ ተወዳጁ የሚኖረው በዚሁ ግጥም ውስጥ ነው ብሎ ይከፍላል። ዳኛው ዕዳው የተፈረመበትን ቃል አይተው ክፍያውን አላነበቡም።

የጆን ሚልተን ሶኔት ደግሞ መለኪያቸውን ከሥሩ ይነቅለዋል። ስለ መታወሩ በጻፈውና በ1673 በታተመው በዚህ ግጥም ውስጥ «ግን» የሚገኘው በዘጠነኛው ስንኝ ላይ ሳይሆን በስምንተኛው መካከል ነው። በዳኛው ሚዛን ከሆነ ሚልተን ገና በመጀመሪያው ዙር በወደቀ ነበር። ተናጋሪው ብርሃኑ የዕድሜው እኩሌታ እንኳ ሳይሞላ መጥፋቱን፣ መቅበሩ ሞት የሆነው አንድ መክሊቱ ያለ ሥራ መቀመጡን፣ ነፍሱ ግን በዚያ መክሊት ፈጣሪዋን ልታገለግል መጓጓቷን ይናገራል። ከዚያም «እግዚአብሔር ብርሃንን ነሥቶ የቀን ሥራ ይጠይቃልን?» ብሎ ሲያጉረመርም ትዕግሥት ቀድማ ትመልስለታለች።

ጠቅላላ ነገሩ ያለው በመልሷ ውስጥ ነው። ትዕግሥት ዐይኑ እንደሚበራለት አትነግረውም፤ ጌታው እንደሚምረውም አታጽናናውም። እነዚህ ሁለቱ ጥያቄውን እንዳለ ተቀብለው የሚለሰልሱ መልሶች ነበሩና። እርሷ የምትነካው ጥያቄው የቆመበትን፣ ተናጋሪው ሳይመረምር የተቀበለውን ግምት ነው፤ እግዚአብሔር የሰው ሥራም ሆነ የራሱ ስጦታ እንዲመለስለት አያሻውም ትለዋለች። ይህ ግምት ሲወድቅ መክሊቱን የመቅበር ፍርሃትም፣ ማጉረምረሙም አብረው ይወድቃሉ። «ማገልገል» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ክፍል ፍሬ ማስገኘት ማለት ነበር፤ በመጨረሻው ስንኝ «ቆመው የሚጠብቁትም ያገለግላሉ» ተብሎ ሲመለስ ፊደሉ ያው ሆኖ ትርጉሙ ሌላ ሆኗል። ሙግት በእውነት መዞሩ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ከመታጠፊያው በፊት የነበረ ቃል ወይም ዕቃ ከመታጠፊያው በኋላ ሲመለስ እንደ ቀድሞው ሊነበብ አይችልም።

አሁን ሽልማቱን ወደወሰደው ግጥም እንመለስ። ስምንቱ ስንኞች እናቱን ያጣ ልጅ ቤት ያሳዩናል፤ ወንበሯ ባዶ ነው፣ ስኒዋ ደርቋል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዘጠነኛው ስንኝ «ነገር ግን ትዝታሽ በልቤ አለ» ይላል። «ነገር ግን»ን አውጥተን «እናም»ን እንተካበት፤ አንዳች ነገር አይጎድልም። ወንበሩንና ስኒውን ያየው ዐይን ቀድሞውኑ የሚያስታውስ ሰው ዐይን ስለነበረ፣ ትዝታው በስምንቱ ስንኞች ውስጥ ነበር። ቀሪዎቹ ስድስት ስንኞች ያንኑ ሐዘን ሞቅ ባለ ድምፅ ይደግሙታል። ቃሉ የአንባቢን ጆሮ ያነቃል ቢባል እቀበላለሁ፤ ጆሮው ከነቃ በኋላ የሚሰማው አዲስ ነገር ከሌለ ግን ማንቃቱ ማታለል ነው።

እኔ ያንን ረቂቅ ባርም የምጀምረው ዘጠነኛውን ስንኝ በማሳመር አይደለም። ስምንቱ ስንኞች ሳይናገሩ ያመኑት ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ያመኑት ቤቱን ጸጥ ያሰኘው ሞት ነው ብለው ነው። ይህ ግምት ቢፈርስስ? «ይህን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ተቀምጠሽ ሳለሽም እኔ አልናገርም ነበር» የሚል ዘጠነኛ ስንኝ ቢመጣ፣ ልጁ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ይሻገራል። የደረቀው ስኒ አብረው ያልጠጡት ቡና ይሆናል። ወንበሩም በመጨረሻው ስንኝ ሲመለስ ባዶነቱ በእናቲቱ ሞት ላይ ሳይሆን በልጁ ዝምታ ላይ ይመሰክራል፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ደግሞ አንድም «ነገር ግን» የለም።