ለክቡር «ቀሪውን በሚቀጥለው»፦ የወተት ውል ማቋረጫ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ባለፈው ሐሙስ በካፌዎ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከሱሉልታ በየቀኑ 30 ሊትር እያመጣሁ ያስረከብኩትን የ15 ቀን ሂሳብ ልቀበል ስመጣ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ «ጋሼ፣ አንዴ ይቀመጡ» ብላኝ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። በመሐሉ ሳላዝዝ ማኪያቶ ቀረበልኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ያለብኩት ወተት አረፋ ሆኖ ሲመጣልኝ፣ ምን ያህል ቢያከብሩኝ ነው ብዬ ልቤ ተነካ።

ሂሳቡ በሊትር 70 ብር ታስቦ 31,500 ብር ነበር። የተቆጠረልኝ ግን 17,940 ብር ነው። «የታዘዘልዎ 18,000 ነው፤ 60 ብሩ የማኪያቶው ነው» አለችኝ። ቀጥላም «ሂሳቤን ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት አቀረበችልኝ፤ የትኛው ዙር፣ ከስንት ስንት እንደሆነ የሚገልጽ አንድም ቃል የለበትም። ከፊርማዬ ጎን «በከፊል» ብዬ በመጨመሬ ተጠርተው መጡ፤ ኬክ የሚበሉት ደንበኞች ሁሉ እየሰሙም «ሰውዬ፣ እኔ ባልገዛህ ወተትህን ለጥጃ ታጠጣው ነበር!» አሉኝ።

እውነትዎን ነው። ጥጃዋ ብትጠጣው ኖሮ ቢያንስ ትፋፋ ነበር። እርስዎ ከጠጡት ግን እኔ ከሳሁ፤ ላሞቼ ከሱ፤ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያም ለሁለት ወር ተላለፈ። በልጄ ዕድሜ ያለ ሰው በአደባባይ «ሰውዬ» ብሎ የጠራኝ የራሴን ገንዘብ ስለጠየቅኩ ነው፤ ይህን ደግሞ በሽሙጥ ልሸፍነው አልችልም።

የቀድሞዎቹን ምክንያቶችዎን ሁሉ በአክብሮት መዝግቤ ይዣለሁ። በጾም ገበያ የለም፤ በፍስክ ደግሞ ገንዘቡ ዕቃ ላይ ውሏል። አንድ ጊዜም «ወተቱ ቀጥኗል» ብለው ላክቶሜትር ነከሩበት፤ መሣሪያው የሚለካው ወተቱ ሲቀዘቅዝ መሆኑን፣ ትኩስ ወተት ላይ ሲነከር ውሃ እንደተጨመረበት ዝቅ ብሎ እንደሚያነብ ብነግርዎ «አታስተምረኝ» አሉኝ። መኖ ነጋዴው ግን ፉርሽካና ፋጉሎ ሲሸጥልኝ ጾም አያውቅም፤ «ቀሪውን በሚቀጥለው» ብለው ደግሞ እስኪ ይሞክሩት።

ስድስቱን ዙር አንድ ላይ ስደምር የዘዴዎ ረቂቅነት ገባኝ። በመጀመሪያው ዙር ያስቀሩት 4,000 ብር ብቻ ስለነበር፣ ለዚህች ብዬ ደንበኛ አላጣም አልኩ። በሁለተኛው ሲያድግ፣ ብተወው የፊተኛውም ይቀርብኛል ብዬ ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ወተቱን የማመጣው ለመሸጥ ሳይሆን ያለፈውን ለማስመለስ ሆነ፤ ባመጣሁ ቁጥር ደግሞ የሚመለሰው በዛ። ላም በገመድ ትታሰራለች፤ እኔን ያሰሩኝ በቀሪ ሂሳብ ነው። ስድስቱም ዙር 2,700 ሊትር ናቸው፤ በእጄ የገባውን ለዚያ ሳካፍለው አንዱ ሊትር ወደ 51 ብር ይመጣል። በሌላ አነጋገር 70 ብር የሚባለው ዋጋ በደብተርዎ ላይ እንጂ በኪሴ ገብቶ አያውቅም። ያስቀሩት ገንዘብ የ24 ቀን ወተት ነው፤ ላሞቼ ያን ያህል ቀን በነጻ አገልግለውዎታል። (እነሱ አልተነገራቸውም፤ ቢነገራቸው የሚረግጡ ናቸው።)

የሰፈራችን የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር በሊትር የሚሰጠው 64 ብር ነው። ለዓመት ያህል «ስድስት ብር ይጎድላል» እያልኩ የናቅኩት ማኅበር ነው። ሂሳቡን ግን በየ15 ቀኑ ሳይሸራርፍ ይከፍላል፤ ወረፋው ረጅም ቢሆንም ሰልፈኛውን ማኪያቶ አያስከፍልም። ስለዚህ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወተቴ ወደዚያ ይሄዳል። «እስከ ወር መጨረሻ ታገሰኝና ሁሉንም አንድ ላይ እዘጋለሁ» ብለው እንደሚደውሉ አውቃለሁ፤ በስድስቱም ዙር የሰማሁት ስለሆነ ስልክዎን ባያደክሙት መልካም ነው።

ቀሪውን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለገንዘብ የሆነ ሰው መጠኑ የታወቀና ቀኑ የደረሰ ዕዳ በከፊል ሲሰጠው አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይናገራል። እኔ ይህን ያወቅኩት ስድስት ጊዜ ከተቀበልኩ በኋላ ነው። ለዘገየ ገንዘብም በዓመት 9 በመቶ ወለድ ያስባል። ገንዘብ ተቀባይዎ በየቀኑ የፈረመችበት የርክክብ ደብተር በእጄ ስለሚገኝ፣ በ15 ቀን ውስጥ በአንድ ጊዜ ካልከፈሉኝ ይዤው ፍርድ ቤት እቀርባለሁ።

ከጓሮዎ የቀሩትን ሁለቱን የወተት መያዣዎቼን ታጥበው ይመለሱልኝ። የሚፈለግብዎት 51,560 ብር ነው። በእርስዎ ደብተር 51,500 ይላል፤ ልዩነቷ የማኪያቶዋ 60 ብር ናት፤ ወተቱ የእኔ፣ ያውም ያልተከፈለበት ስለነበር አልተቀበልኳትም።

ከሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ ወተት አቅራቢዎ