«ልምድ ባይኖረኝም» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ

ክርክሩ የተነሳው ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ዘንድሮ በግራፊክ ዲዛይን የተመረቀ የሰፈራችን ልጅ፣ ቡና ቆልቶ በግማሽ ኪሎ ከረጢት ለሚያከፋፍል ድርጅት ሎጎ ለመሥራት ማመልከቻ ጽፎ «እስቲ እዩልኝ» አለን። ተከፍሎት የሠራው አንድም ሥራ የለም። ደብዳቤው «ምንም እንኳን የሥራ ልምድ ባይኖረኝም ታታሪና ቅን በመሆኔ» ብሎ ይጀምራል።

ዕድሜያቸውን በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል የጨረሱት ጎረቤታችን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ደስ አላቸው። እንደ እርሳቸው ከሆነ የጎደለው «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» የሚለው ርዕስና የምረቃ ነጥቡ ብቻ ነው። «ደግሞ ልጄ፣ የመጀመሪያውን በነፃ እሠራለሁ በል። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ!» አሉት።

ማተሚያ ቤት የምትሠራው ወዳጃችን ሳቀች። «ጋሼ፣ ሙሽራዋ የፈለገችው እኮ መታዘሉን ነው። ‹ታታሪ ነኝ› የሚል አዛይ ምን ያደርግላታል?» አለችና ወደ ልጁ ዞራ ትምህርት ቤት የሠራውን እንዲያሳያት ጠየቀችው።

ልጁ የመመረቂያ ሥራውን በስልኩ አወጣ። «ሙዳይ» ለሚባል፣ ራሱ ለፈጠረው የስፌት መሸጫ የተሠራ ሎጎ ነው። በትልቁ ሲታይ ያምራል። የማኅተም ያህል ሲያሳንሰው ግን የ«ሙ» ቀጭን ቅጥያ ጠፍታ «መዳይ» ተብሎ ይነበብ ነበር። ስለዚህ ቅጥያዋን አወፍሮና ወደ ጎን አስረዝሞ ፊደሉን እንደገና ሥሎታል። የፊተኛውንም የኋለኛውንም አስቀምጧቸዋል፤ በደብዳቤው ውስጥ ግን ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፈም! «ታታሪ» ለሚለው ቃል ቦታ አግኝቶ ለዚህ አጣ።

ወዳጃችን መክፈቻውን ሰረዘችና እንዲህ አጻፈችው፦

«ሎጎአችሁ በከረጢት፣ በክብ ማኅተምና በስልክ ላይ በምትታይ ትንሽ ክብ ምስል ውስጥ ይገባል። ስማችሁ ውስጥ ያለው ‹ቡ› ሲያንስ ቅጥያው ከጠፋ ‹በ› ይሆናል። ለመመረቂያ በሠራሁት ሎጎ ይኸው ችግር ገጥሞኝ እንዴት እንዳስተካከልኩት በአባሪው ሁለት ምስል ታያላችሁ። ሦስት ንድፍ መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ አቀርባለሁ፤ በመረጣችሁት ላይ ሁለት ጊዜ ማሻሻያ አደርጋለሁ። ሲያልቅ ለማተሚያ የሚሆነውን በ PDF እና በ SVG፣ ለስልክ የሚሆነውን በ PNG አስረክባለሁ። ግማሹ ክፍያ ሥራው ሲጀመር ነው። ከረጢቱ የሚታተመው በስንት ቀለም ነው?»

ጎረቤታችን አልተዋጠላቸውም። «ልምድ እንደሌለው መደበቁ አይደለም ወይ?» አሉ። ምን ተደበቀ? «ለመመረቂያ የሠራሁት» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት የሚሆነው «ሙዳይ» እውነተኛ ደንበኛ ነበር ቢል ነው። ያን ቢል ኖሮ ደግሞ «የባለቤቱን ስልክ ስጠን» በሚል አንድ ጥያቄ ይጋለጥ ነበር። ቀጥሎ የደብዳቤው መዝጊያ ጥያቄ አስቆጣቸው፤ አመልካች አሠሪን ይጠይቃል እንዴ? የከረጢቱን ቀለም ብዛት ሳያውቅ ባለ አምስት ቀለም ሎጎ ሠርቶ፣ ባለ አንድ ቀለም ከረጢት ላይ ሲታተም ጭቃ የሆነ ሥራ ያየች ሴት ግን ይህን ጥያቄ አታስወጣም።

«ግማሽ ክፍያ አስቀድሞ ማን ይሰጠዋል? ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ!» አሉ እንደገና። እርሷም አልተወችም፤ «ጋሼ፣ ነፃ የተባለ ንድፍ ማሻሻያው አያልቅም። ዛሬ ቡናማ፣ ነገ አረንጓዴ፣ በሳምንቱ የባለቤቱ ወንድም ‹ጀበና ጨምርበት› ይላል። ሁለት ጊዜ ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው። ካልታዘልኩ የሚል ደንበኛ አባሪውን ይክፈት፤ የታዘለችው እዚያ ናት» አለች። ጎረቤታችን ሻያቸውን ፉት እያሉ ተረቷን ለራሳቸው ደገሟት፤ ሌላ መልስ እንዳልነበራቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

እኔ በእርሳቸው ብቻ አልፈርድም። ልጁ ያን ለማኝ ዓረፍተ ነገር ከየት አመጣው? ፎቶ ኮፒ ቤት ተዘጋጅቶ ከሚጠብቀው፣ ስምና ቀን ብቻ ከሚለወጥበት ማመልከቻ ነው። ትምህርት ቤት ፊደል ማስተካከልን አስተማረው፤ ያስተካከለውን መናገር ግን እንደ ትዕቢት ተቆጠረበት። የቅጥር ማስታወቂያዎቻችንንማ ተዉአቸው። የሥራ መደቡ «ጀማሪ» ይባልና ከሥሩ «ሁለት ዓመት ልምድ» ይጻፋል፤ እሱም አልበቃ ብሎ «ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ የሚያቀርብ» ይላል። ሥራውን ማንም አላየውም፤ ግብሩን ግን ያዩለታል። ጎረቤታችንም በሥልጣን ዘመናቸው ስንት ማመልከቻ፣ አባሪው ሳይገለጥ፣ ማኅተም የለውም ብለው እንደመለሱ ይቆጥሩልን!