ብልቃጡ ሳይነበብ ዓይን አይገለጥ

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምላችሁ ነገር ደስ ላይላችሁ ይችላል። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። መድኃኒት አያያዛችን ልክ አይደለም። ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲናም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ በየቤቱ ግቡና እዩ። የመስኮቱ ደፍ ላይ ወይም ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ተሰብስበዋል። አንዱ የዓይን ጠብታ ነው፣ ሌላው የጆሮ። ካርቶናቸው የለም። ወይ ተጥሏል፣ ወይ እሳት ማያያዣ ሆኗል። የቱ የምን እንደሆነ ስትጠይቁ «ነጩ የዓይን ነው» ትባላላችሁ። ሁለቱም ነጭ ናቸው!

ብልቃጦቹ የሚመሳሰሉት በአጋጣሚ አይደለም። የዓይንም የጆሮም ጠብታ በጠብታ ነው የሚለካው። ስለዚህ ሁለቱም 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር በምትይዝ፣ ጫፏ ሾጠጥ ባለች፣ ተጨምቃ በምታንጠባጥብ ብልቃጥ ይመጣሉ። አንዱ ፋብሪካ ሁለቱንም ሲያመርት ብዙ ጊዜ ብልቃጡም የጽሑፉ ቀለምም አንድ ይሆናል። ብልቃጧ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ጽሑፍ የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው። የመድኃኒቱ ስም በትልቁ ይጻፋል፣ «የዓይን» ወይም «የጆሮ» የሚለው ከስር በደቃቁ ይሰፍራል። እኛ ደግሞ ትልቁን ብቻ አይተን ብልቃጡን እናነሳለን።

አንድ መድኃኒት ልጥቀስ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ክሎራምፌኒኮል ይባላል። ለዓይንም ለጆሮም ይሠራል፣ በሁለቱም ብልቃጥ ላይ ስሙ ያው ነው። የዓይኑ 0.5 በመቶ ነው። የጆሮው 5 በመቶ ሆኖ ይመጣል። ልዩነቱ አንድ ዜሮና አንዲት ነጥብ ናት፣ በደቃቅ ጽሑፍ ላይ ነጥቧን ማን ያያታል? በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለውን መድኃኒት ብናሰላው ግን የዓይኑ 5 ሚሊ ግራም፣ የጆሮው 50 ሚሊ ግራም ነው። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ደግሞ ከመጠኑ ይልቅ ዓይንን የሚጎዳው መድኃኒቱ የሟሟበት ፈሳሽ ነው። የዓይኑ ከእንባ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ በውኃ ይዘጋጃል። የጆሮው ብዙ ጊዜ የሚሟሟው ፕሮፒሊን ግላይኮል በሚባል ወፈር ያለ ፈሳሽ ነው። የጆሮ ቆዳ ይችለዋል። ዓይን አይችለውም።

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ልጁ ጆሮው መግል ያወጣል፤ ጤና ጣቢያ ወስደውት የጆሮ ክሎራምፌኒኮል ታዝዞለታል። አያቱ ዓይናቸው ቀልቶ የዓይን ክሎራምፌኒኮል ይዘዋል። ሁለቱ ብልቃጦች አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ማታ መብራት ጠፋ። ምራቲቱ በዳበሳ አንዱን አነሳችና «እማማ፣ ቀና በሉልኝ» ብላ አንጠባጠበችላቸው። እማማ ጮኹ። ዓይናቸው ነደደ፣ እንባቸው ጎረፈ፣ መግለጥ አቃታቸው። ታዲያ እዚህ ላይ ቤተሰቡ ምን ይላል? «አይዞዎት፣ ሲያቃጥል ነው የሚሠራው!»

ወገኖቼ፣ ይቺን አባባል ከአፋችን እናውጣት። አንዳንድ የዓይን ጠብታ ለጥቂት ሰከንዶች ቆጥቆጥ ያደርጋል፣ ወዲያው ይበርዳል። እየባሰ የሚሄድ ቃጠሎ ግን መድኃኒቱ መሥራቱን አይናገርም፤ የተሳሳተ ነገር መግባቱን ነው የሚናገረው። የዓይን የፊት ሽፋን፣ ያ እንደ መስታወት የጠራው ክፍል፣ በነርቭ የተሞላ ነው። ለዚህ ነው ጉድፍ እንኳ ስትገባበት እንቅልፍ የሚነሳው። የጆሮ ጠብታዎች ደግሞ ክሎራምፌኒኮል ብቻ አይደሉም። ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ ያለባቸው አሉ። የጆሮ ኩክ ለማለስለስ የሚሰጡና ሲገቡ አረፋ የሚያወጡ አሉ። አልኮል ያለባቸውም አሉ። እነዚህ የዓይኑን ሽፋን ሊልጡት ይችላሉ፤ በተላጠው ላይ ጀርም ከገባ ቁስሉ ጠባሳ ትቶ እይታን ሊቀንስ ይችላል።

ስህተቱ ከተፈጠረ የሚያድነው ውኃ ነው። ያኔውኑ፣ ጎረቤት ሳይጠራ፣ ማን አጠፋ ሳይባል። ንጹሕ ውኃ፣ ለብ ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ ከሌለ ቀዝቃዛውም ይሁን። የተጎዳው ዓይን ወደ ታች እንዲሆን ጭንቅላቱን አዘንብሉት፣ ወደ ደኅናው ዓይን እንዳይፈስ። ሽፋሽፍቱን በጣት ከፍታችሁ ውኃውን ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ከ15 ደቂቃ ማነስ የለበትም። አንድ ጣሳ አፍስሶ «በቃ ታጠበ» ማለት አይሠራም። ማሸት የለም። የእናት ጡት ወተት የለም፣ ማር የለም፣ ቅቤ የለም፣ ሌላ ጠብታም የለም። ከዚያ ብልቃጡን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ባለሙያው ምን እንደገባ የሚያውቀው ከብልቃጡ ነው። በተለይ ከታጠበ በኋላም ሕመሙ ካልለቀቀ፣ እይታው ከደበዘዘ ወይም ብርሃን ማየት ካስቸገረ «ነገ እንሄዳለን» አትበሉ።

አሁን ወደ ንባቡ። «እንግሊዝኛ አላውቅም» የሚል ብዙ ነው፤ እውነት ነው፣ የአብዛኞቹ ብልቃጦች ጽሑፍ በላቲን ፊደል ነው። ግን ይህን ለመለየት ቋንቋውን ማወቅ አያስፈልግም፣ ፊደል መለየት ይበቃል። ችግሩ ቃላቱም እንደ ብልቃጦቹ መመሳሰላቸው ነው። ዓይን የሚለው «አይ» እና ጆሮ የሚለው «ኢር» ሁለቱም ሦስት ፊደል ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። መለያው ይኸውላችሁ። በዓይኑ ቃል የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል አንድ ነው፣ መሐል ላይ ያለው ደግሞ እንደ ቤት ባላ ሹካ ሆኖ የቆመ ነው። በጆሮው ቃል ሦስቱም ፊደሎች ይለያያሉ፣ ባላውም የለም።

አንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ደግሞ የሐኪም ቤቱ ቃል ነው የሚጻፈው። ለዓይን «ኦፍታልሚክ»፣ ለጆሮ «ኦቲክ»። እነዚህም ሁለቱም በክቡ ፊደል ይጀምራሉ፣ አጨራረሳቸውም አንድ ነው። እዚህ ላይ ርዝመቱን እዩ። የዓይኑ አሥር ፊደል ያለው ረጅም ቃል ነው። የጆሮው አራት ፊደል ብቻ ነው። ረጅሙ የዓይን፣ አጭሩ የጆሮ። ይህን ለልጆቻችሁ አስጠኑ።

ሌላ የምትፈልጉት ቃል «ስቴራይል» ነው፤ ከጀርም የጸዳ ማለት ነው። የዓይን ጠብታ ሁሉ እንዲህ መሆን አለበት። የጆሮ ጠብታ ግን የግድ አይደለም፣ አንዳንዱ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። ስለዚህ ቃሉ ስላለ ብቻ የዓይን ነው አትበሉ። ከሌለ ግን ቁሙ፣ ጠይቁ። በክዳን ቀለም የምትለዩም አላችሁ። በአንዳንድ አገር የዓይን ጠብታ ክዳን ቀለም የመድኃኒቱን ዓይነት ያሳያል እንጂ ዓይንና ጆሮን አይለይም፤ በየፋብሪካውም አንድ አይደለም። ክዳን ደግሞ ይቀያየራል። ልጆች ሲጫወቱበት አይታችሁ አታውቁም?

«ታዲያ ባለፈው ሐኪሙ የዓይን ጠብታ ለጆሮ አድርጊ ብሎኛል» የምትል እህት አትጠፋም። እውነቷን ነው። ሐኪም አንዳንዴ እንዲህ ያዛል። «ለዓይን እና ለጆሮ» ተብለው ሁለቱም ቃል የተጻፈባቸው ጠብታዎችም አሉ፣ ጄንታማይሲን እንዲህ ሆኖ ይመጣል። እነዚህ የተዘጋጁት በዓይኑ ልክ ነው። ለዓይን የተሠራው ወደ ጆሮ ቢሄድ ብዙ ጊዜ ከባድ ጉዳት የለውም፤ ይህም ቢሆን የጆሮ ታምቡር የተቀደደ ሊሆን ስለሚችል በራሳችሁ አትወስኑ። ለጆሮ ብቻ የተሠራው ግን ወደ ዓይን መሄጃ የለውም። መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። ስህተት የሚበዛውም ሰው አንዴ የተፈቀደለትን ገልብጦ «እንግዲህ አንድ ነው» ሲል ነው።

ቤታችሁ ያለውን ዛሬ በቀን ብርሃን አውጥታችሁ እዩት። ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና አጉልታችሁ አንብቡት። የጆሮው ብልቃጥ አንገት ላይ ላስቲክ ወይም ክር እሰሩበት፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ እጅ ይለየዋል። አያቶች ማንበብ ባይችሉም ክሩን ይዳብሱታል። ፕላስተር ለጥፋችሁም «ጆሮ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ግን ስሙንና ማብቂያ ቀኑን አትሸፍኑ። የዓይኑን ደግሞ የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉበት። ከተከፈተ አራት ሳምንት ያለፈው የዓይን ጠብታ ተራፊ ቢኖረውም ይጣላል፤ «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ብለን የምናስቀምጠው ነው መደርደሪያውን የሚሞላው። ጽሑፉ የጠፋውን ብልቃጥ አሽትቶ ወይም ጠብታውን አይቶ መለየት አይቻልም። እሱንም ጣሉት።

እናንተም የፋርማሲ ልጆች፣ ከተግሣጹ አታመልጡም። መድኃኒቱን በካርቶኑ ሰጥታችሁ «በቀን አራት ጊዜ» ብላችሁ ወደ ቀጣዩ ሰው ትዞራላችሁ። ካርቶኑ እኮ ቤት ሳይደርስ ይጣላል። ብልቃጡን አውጡት፣ በእስክሪብቶ በአማርኛ «ዓይን» ወይም «ጆሮ» ብላችሁ ብልቃጡ ላይ ጻፉ። ከዚያ «የት ነው የሚያደርጉት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰውየው በጣቱ ትክክለኛውን ካሳያችሁ ይሂድ። ካመነታ ድገሙለት። እናንተ ገዢዎችም፣ ሰልፍ አለ ብላችሁ አትፈሩ፤ ባለሙያው ካልጻፈላችሁ ከመስኮቱ ሳትነሱ አጽፉ።