ደንበኛ ከሥራ በኋላ ዝም ሲል፦ የለንደንና የአዲስ አበባ ትዝብት

«ለአንድ የአዲስ አበባ የንግድ ድርጅት በ120,000 ብር ድረ ገጽ ሠርቼ አስረክቤያለሁ። ግማሹን በቀብድ ከፍለውኛል፤ ቀሪውን ስጠይቅ ግን ሥራ አስኪያጁ ስልክ ማንሳትም ሆነ የቴሌግራም መልእክት መመለስ አቁመዋል። የይለፍ ቃሉ በእጄ ስላለ ድረ ገጹን ልዝጋባቸው? እናንተ አገርስ እንዲህ ሲያጋጥም ምን ይደረጋል?»

ድረ ገጹን አይዝጉት። ባለዕዳው እሳቸው ሆነው ሳለ እርስዎ ተከሳሽ የሚሆኑበት አንድ መንገድ ቢኖር ይህ ነው፤ ከርክክብ በኋላ በእጅ በቀረ የይለፍ ቃል ያለፈቃድ ገብቶ ሥራ ማስቆም በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሊያስጠይቅ ይችላል፤ በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ተመሳሳይ ሕግ አለ። ክፍያው ሳይጠናቀቅ ድረ ገጹ ከሠሪው ሰርቨር እንደማይወጣ በውሉ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

እኔ በምኖርበት በለንደን ደንበኛ ዝም ሲል ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚጠረጥሩት ሰውየውን ሳይሆን የሒሳብ ክፍሉን ነው። ሥራውን ያዘዘውና ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ሰው አይደለም፤ የግዢ ትእዛዝ ቁጥር ያልተጻፈበት ኢንቮይስ ሳምንታት ተቀምጦ ማንም ላኪውን ላይነግረው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው በቀጥታ ለሒሳብ ክፍሉ ይላካል፦ ይህ ኢንቮይስ ተመዝግቧል ወይ? የክፍያው ቀን መቼ ነው? ብዙው ዝምታ እዚህ ላይ ያበቃል።

ካላበቃ የሚሆነውን በአንድ ወዳጄ ጉዳይ አይቼዋለሁ። ለአንድ አነስተኛ ኩባንያ በ1,200 ፓውንድ የብሮሹር ዲዛይን ሠርቶ፣ ፋይሉን አስረክቦ፣ የ30 ቀኑ የክፍያ ጊዜ ካለፈ በኋላ መልስ አጣ። ሁለት ማስታወሻ ልኮ ከጠበቀ በኋላ፣ በ14 ቀን ውስጥ ካልተከፈለው ፍርድ ቤት እንደሚሄድ የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የእንግሊዝ የዘገየ ክፍያ ሕግ፣ ሁለቱም ወገኖች ነጋዴ ከሆኑና ውላቸው የራሱን በቂ መቀጫ ካላስቀመጠ፣ ከእንግሊዝ ባንክ መነሻ የወለድ መጠን በላይ 8 በመቶ ወለድ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሁለተኛ አጋማሽ ይህ በድምሩ 12.25 በመቶ ነበር፣ በ1,200 ፓውንድ ላይም በቀን 40 ፔንስ ያህል ይሆናል። ወለዱ ትንሽ ቢመስልም፣ ከ1,000 ፓውንድ ጀምሮ 10,000 ለማይሞላ ዕዳ የተወሰነው የ70 ፓውንድ ካሣ ይጨመርበታል። ደብዳቤው ላይ ሦስቱም አኃዞች በተርታ ሰፍረው ነበር፤ ክሱን በኢንተርኔት ለመክፈት የሚጠየቀው 80 ፓውንድም በተሸናፊው ላይ እንደሚጨመር ተጠቅሶ ነበር። ኩባንያው በአሥረኛው ቀን ከፈለ። ያስፈራው ገንዘቡ አይመስለኝም፤ ፍርድ ተሰጥቶበት በአንድ ወር ውስጥ ያልከፈለ ድርጅት ስሙ በፍርድ መዝገብ ላይ ስድስት ዓመት ይቆያል፣ ከባንክ ብድር ሲጠይቅም ይታይበታል።

አዲስ አበባ ውስጥም የመጀመሪያው ምርመራ ተመሳሳይ ነው፤ መደበቂያው ግን ይለያል። ርክክቡ በፊርማ ካልተረጋገጠ፣ ወይም ሕጋዊ ደረሰኝ ካልቀረበ የፋይናንስ ክፍሉ ገንዘብ ለማውጣት ይቸገራል፤ ሥራ አስኪያጁም ይህንን ለማስረዳት ከመድከም ስልኩን ባያነሱ ይመርጣሉ። ሌላው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ገንዘብ ያጠራቸው ሰው «አሁን የለኝም» ከማለት ይልቅ ይሰወራሉ፤ ስለዚህ አሥር መልእክት ከመላክ አንድ ጊዜ ቢሮ ድረስ ሄዶ፣ ሥራ አስኪያጁን ብቻ ሳይሆን የፋይናንስ ኃላፊዋን ጭምር ማነጋገር የተሻለ ፍሬ አለው። ለንደን ውስጥ ሳይጠሩ ቢሮ መሄድ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ አገር ቤት ግን አለመሄድ ጉዳዩን እንደተውት ሊያስቆጥር ይችላል። የሚያከብሩትን የጋራ ሰው በሽምግልና መላክም ያው ነው።

ይሁን እንጂ ሽምግልናው ከመጀመሩ በፊት አንድ ወረቀት መጻፍ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 ላይ፣ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ለማለት በመርህ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። በቁጥር 1803 መሠረት ወለድ የሚታሰበው ዕዳው ከደረሰበት ቀን ሳይሆን ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው፤ በእንግሊዝ ግን ቀኑ ሲያልፍ ወለዱ በራሱ መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ በትሕትና ተብሎ በስልክ ብቻ ሲለመን የቆየ ጊዜ፣ ለጠያቂው ባክኖ ሊቀር ይችላል። ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፦

«ሚያዝያ 3 ቀን በተፈረመው ውል መሠረት ድረ ገጹን ሰኔ 10 ቀን አስረክቤአለሁ። ቀሪው 60,000 ብር እስካሁን አልተከፈለኝም። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንድትከፍሉ እያስጠነቀቅሁ፣ ካልሆነ ከሕጋዊ ወለድና ኪሣራ ጋር በፍርድ ቤት እንደምጠይቅ አስታውቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ ይወሰድና በአንዱ ላይ የድርጅቱ መዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ይደረግበት፤ እምቢ ካሉ በአደራ ፖስታ ይላክ። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ስለሆነ በ60,000 ብር ላይ በወር 450 ብር ብቻ ይሆናል። የኑሮ ውድነቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ በሮጠበት አገር፣ ማዘግየት ለባለዕዳው ትርፍ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ በዚህ ረገድ የእንግሊዙ ሕግ ሠሪውን ይበልጥ ይደግፋል። በአንጻሩ አገር ቤት የሚሠራና ለንደን ውስጥ ሊጠፋ የተቃረበ መሣሪያ አለ፤ እሱም ቼክ ነው። ሥራ አስኪያጁ ተገኝተው «በሚቀጥለው ወር» ካሉ በቃል ሳይሆን በቼክ እንዲያረጋግጡ ይጠይቋቸው፤ በቂ ስንቅ እንደሌለ እያወቁ ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ ቃላቸው ያልያዛቸውን ሰዎች ቼክ ሲይዛቸው አይተናል።

ዝምታው የመጣው ከርክክብ በፊት፣ በሥራው መካከል ከሆነ አደጋው ይለያል፤ ሠሪው መልስ ሳያገኝ ሥራውን እየጨረሰ ቢቀጥል ያልጸደቀ ሥራ ሒሳብ ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ ሥራውን ማቆም፣ የተጠናቀቀውን ክፍልና ዋጋውን፣ ከደንበኛው የሚጠበቀውን ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ፣ እስከ መቼ እንደሚጠበቅም በአንድ መልእክት መግለጽ ይገባል። እዚህ ለንደን ያሉ የራሳችን ሰዎች፣ ምግብ ቤትም ይሁን የማኅበር ኮሚቴ፣ ሥራውን በቃል አዝዘው የሚሰወሩት በአብዛኛው በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ከእነሱ ጋር የአዲስ አበባው አካሄድ፣ መሄድና ማነጋገር፣ ከእንግሊዙ ደብዳቤ ቀድሞ ይሠራል።

የእርስዎ ጉዳይ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ መጠኑ የታወቀና በጽሑፍ ውል የተደገፈ ዕዳ በመሆኑ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 በተመለከተው አጭር ሥነ ሥርዓት ሊቀርብ ይችላል፤ በዚህ አካሄድ ተከሳሹ ለመከራከር አስቀድሞ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። የጠበቃው ክፍያ ከ60,000 ብር ጋር መመዛዘን አለበት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ስለሚያደርግ፣ «በጣም ቆንጆ ሆኗል» ብለው የጻፉበት የቴሌግራም ንግግር ለርክክቡ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ማስጠንቀቂያው ከመላኩ በፊት ቀኑና ስልክ ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ ተቀድቶ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልኮች መሰረዝ ይችላል።