ማስተካከያ፦ ብርሃን ወጥቶ አይመለስም

«ባለፈው ብርሃን ከጥቁር ጉድጓድ እንደ ድንጋይ ወደ ላይ ተወርውሮ ይመለሳል ብለሃል። ታዲያ ከመመለሱ በፊት ውጭ ያለ ሰው አያየውም?» (አንድ የደሴ አንባቢ)

አያየውም፤ ምሳሌዬ ስህተት ነበር። ድንጋይ እየደከመ ይቆማል፣ ከዚያ ይመለሳል። ብርሃን ግን አጠገቡ ላለ ሰው ምንጊዜም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል።

ክረምት ላይ የሞላውን የቦርከና ወንዝ አስቡት። ዋናተኛ ሽቅብ ሲዋኝ ውኃው የእሱን ያህል ከፈጠነ ባለበት ይቀራል፤ ከበለጠው ደግሞ እየዋኘም ቁልቁል ይወሰዳል። (ገብታችሁ እንዳትሞክሩት!) በጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ እንዲህ የሚፈሰው ኅዋው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ፍሰቱ የብርሃንን ፍጥነት የሚያክልበት ቦታ የጥቁር ጉድጓዱ ድንበር ነው፤ እሱን ያለፈ አይመለስም። እዚያ ላይ በቀጥታ ወደ ውጭ የተተኮሰ ብርሃን ስንዝር አይራመድም፤ ከድንበሩ ውስጥ ደግሞ የትኛውም አቅጣጫ ወደ መሃል ይወስዳል።

«ኮከብ ሁሉ ሲሞት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል» ማለቴም ልክ አልነበረም። ነዳጁን የጨረሰ የግዙፍ ኮከብ እምብርት በራሱ ክብደት ሲደረመስ፣ ክብደቱ ከፀሐይ 3 እጥፍ ገደማ ከበለጠ የሚያቆመው የታወቀ ኃይል የለም፤ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ፀሐያችን ግን ነጭ ድንክ የሚባል ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ የኮከብ ቅሪት ሆና ትቀራለች።