ያልታየውን የሚደምረው «ጠቅላላ ድምር»

ወር በተዘጋ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ነገር አለ፤ ዛሬስ ዝም ብዬ አላልፈውም። የሽያጭ ሠንጠረዥ በኤክሴል ተሠርቶ ይመጣልኛል። በፊልተር አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ተመርጧል፤ ከሥሩ «ጠቅላላ ድምር» ተብሎ በደማቁ ቁጥር ተቀምጧል። ቁጥሩ ግን የዚያ ቅርንጫፍ አይደለም፤ የሁሉም ቅርንጫፎች ነው! ወረቀቱ ታትሞ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት ነው የሚደርሰው። ከዚያ ገንዘብ ያዡ ይጠራና «ቀሪው ብር የት ገባ?» ተብሎ ይፋጠጣል። ሰው በእጁ ባልገባ ብር ሲጨነቅ ማየት ያማል።

ነገሩን በትንሽ ሠንጠረዥ ላሳያችሁ። በB ዓምድ ቅርንጫፉ፣ በC ዓምድ የሽያጩ ብር ተጽፏል እንበል። ከ2ኛው ረድፍ ጀምሮ በቅደም ተከተል መርካቶ 12,000፣ ፒያሳ 8,500፣ መርካቶ 15,000፣ ቦሌ 9,500፣ መርካቶ 6,000፣ ቦሌ 11,000። አንድ ረድፍ ባዶ ተትቶ ከሥር ይህ ፎርሙላ ገብቷል፦

```
=SUM(C2:C7)
```

ውጤቱ 62,000 ነው፤ ትክክል ነው። አሁን በፊልተር መርካቶን ብቻ ምረጡ። በዓይን የሚታዩት 12,000፣ 15,000 እና 6,000 ናቸው፤ በጣት ቢደመሩ 33,000 ይሆናሉ። ድምሩ ግን ከ62,000 ንቅንቅ አይልም። እነሆ፣ የ29,000 ብር ጭቅጭቅ ከምንም ተፈጠረ።

ይህ የፕሮግራሙ ብልሽት አይደለም። ፊልተር ረድፎችን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አይሰርዝም፤ ከቦታቸውም አያንቀሳቅሳቸውም። SUM ደግሞ የሚያውቀው የተሰጠውን አድራሻ ብቻ ነው። ከC2 እስከ C7 ደምር ተብሏል፣ ይደምራል፤ ረድፉ ይታይ አይታይ አይጠይቅም። ምልክቱ ግን ፊት ለፊት አለ፦ በግራ በኩል ያሉት የረድፍ ቁጥሮች ሰማያዊ ሆነው 2፣ 4፣ 6 እያሉ ይዘላሉ። ይህን አይቶ ድምሩን አለመጠራጠር እንዴት ይቻላል?

መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦

```
=SUBTOTAL(9,C2:C7)
```

9 ቁጥር «ደምር» ማለት ነው፤ በ1 ብትተኩት አማካይ ያወጣል። SUBTOTAL ፊልተር የሰወራቸውን ረድፎች ይዘላል። መርካቶ ሲመረጥ 33,000፣ ቦሌ ሲመረጥ 20,500፣ ፊልተሩ ሲነሣ 62,000 ይሰጣል። ፎርሙላውን መነካካት አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ የራስ ሰር ድምር ቁልፉ፣ Σ ያለበት AutoSum፣ ነው። ፊልተር ረድፎችን ሰውሮ ሳለ ከዓምዱ ሥር ከተጫናችሁት ኤክሴል ራሱ SUBTOTAL ይጽፋል፤ ፊልተር ሳይኖር ከተጫናችሁት SUM ይጽፋል። ስለዚህ ሁለት ሠራተኞች አንዱን ቁልፍ ተጭነው ሁለት ዓይነት ድምር ያመጣሉ፤ ሁለቱም «እኔ ያው እንደ ሁልጊዜው ነው የሠራሁት» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለዚህ ነው ድምሩ ያለበትን ሴል ጠቅ አድርጋችሁ ከላይ ያለውን ፎርሙላ አንብቡ የምለው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ረድፍን በፊልተር ሳይሆን በቀኝ ጠቅታ Hide ብሎ የሚደብቅ ሰው አለ። ፊልተር ሳይኖር እንዲህ የተደበቀውን 9 ይደምረዋል፤ 109 ግን ይዘለዋል፦

```
=SUBTOTAL(109,C2:C7)
```

ፊልተሩን አንሥታችሁ 6ኛውን ረድፍ በእጅ ብትደብቁት በ9 ድምሩ 62,000 እንዳለ ይቆያል፤ በ109 ወደ 56,000 ይወርዳል። ብዙ ሰው 109ን ይመርጣል፤ ወረቀቱ ላይ ከሚታየው ጋር ይስማማልና። እኔ ለገንዘብ ሰነድ 9ን እመርጣለሁ። አንድ ሰው 6,000 ብሩን ቢሸሽግ በ9 የሚታዩት ቁጥሮች ከድምሩ ጋር አይገጥሙም፤ መርማሪ ወዲያው ይነቃል። በ109 ግን ረድፉም ብሩም አብረው ይጠፋሉ፤ ወረቀቱም ንጹሕ መስሎ ያልፋል።

SUBTOTAL ለሁሉም ቦታ አይሆንም። የተደበቀ ዓምድን አይዘልም፤ የሚሠራው ለረድፍ ብቻ ነው። ድምሩም ፊልተሩን ተከትሎ ስለሚለዋወጥ፣ የመርካቶ ሽያጭ ማንም ፊልተሩን ቢነካካ እንዳይለወጥ ከተፈለገ ይህ ይሻላል፦

```
=SUMIF(B2:B7,"መርካቶ",C2:C7)
```

እኔ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ድምሩን በሁለት መስመር ጻፉት፤ አንዱን «የሚታየው ድምር» ብላችሁ በSUBTOTAL፣ ሌላውን «የሁሉም ቅርንጫፎች ድምር» ብላችሁ በSUM። ሁለቱንም ከርዕሱ በላይ አስቀምጧቸው፤ ከሥር ከሆኑ ፊልተሩ አብሮ ሊሰውራቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያዡን የሚጠራ ሰው በየትኛው ቁጥር እንደሚጠይቀው ያውቃል።